የጣና ሐይቅ የውሃ ከፍታ መረጃ በስልክ ላይ ፈጥኖ እንዲከፈት የሚደረገው እንዴት ነው?

የጣና ሐይቅ የውሃ ከፍታ በባሕር ዳር በሚገኘው መለኪያ ጣቢያ ከስድሳ ዓመታት በላይ ሲመዘገብ ቆይቷል። መረጃውን የሚፈልጉት ወገኖች ብዙ ናቸው። ወደ ደሴቶቹ የሚመላለሱ ባለጀልባዎች፣ ውሃው ሲሸሽ በሚተወው መሬት ላይ የሚዘሩ አርሶ አደሮች እንዲሁም በፎገራና በደምቢያ ሜዳ ክረምት ሲገባ ጎርፍ የሚያሰጋቸው ነዋሪዎች ከእነዚህ መካከል ይጠቀሳሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በፎገራና በሊቦ ከምከም ወረዳዎች የደረሰው ጎርፍ የመረጃው በወቅቱ መድረስ ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ ያሳየ ነበር።

ዛሬ የዚህ ዓይነቱ መረጃ ዳሽቦርድ በመባል በሚታወቀው የመረጃ ሰሌዳ አማካይነት በድረ ገጽ ሊቀርብ ይችላል። ሆኖም ሰሌዳው በመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ በቀላሉ ቢከፈትም፣ ኔትወርክ ደካማ በሆነበት የሐይቅ ዳርቻ በስልክ ሲከፈት ደቂቃዎች ሊወስድ፣ አልፎ አልፎም ጨርሶ ላይከፈት ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መዘግየቱ ከየት እንደሚመጣ፣ በምን ዘዴ እንደሚወገድና ዘዴው በጥንቃቄ ካልተሠራበት ምን ስህተት እንደሚያስከትል ለተገልጋዮች ማስረዳት ነው።

መዘግየቱ የሚመጣው ከየት ነው?

ለማሳያ አሥር ጣቢያዎች ያሉት አንድ ሰሌዳ ይወሰድ። ከጣቢያዎቹ ከፊሎቹ በሐይቁ ላይ፣ ከፊሎቹ ደግሞ ወደ ሐይቁ በሚገቡት በግልገል አባይ፣ በጉማራ፣ በርብና በመገጭ ወንዞች ላይ የተተከሉ ናቸው እንበል። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው፤ የአንድ የተወሰነ መሥሪያ ቤት ልኬቶች አይደሉም።

እያንዳንዱ ጣቢያ በየ15 ደቂቃው አንድ ልኬት ይልካል። ይህም በቀን 96፣ በዓመት 35,040 ልኬት ይሆናል። አሥሩ ጣቢያዎች በአሥር ዓመት የሚልኩት ሲደመር ወደ 3.5 ሚሊዮን ረድፍ ይደርሳል። እያንዳንዱ ረድፍ እንዲህ ተጽፎ ቢወጣ፦

```
2024-08-14T03:15:00Z,BDR-01,Bahir Dar Lake Tana,1786.4213,m,good
```

65 ባይት ያህል ቦታ ይይዛል። በዚህ ስሌት ሙሉው ፋይል ወደ 228 ሜጋባይት ይሆናል ማለት ነው። በሴኮንድ 2 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ የስልክ ኔትወርክ ይህን ፋይል ለማውረድ ከ15 ደቂቃ በላይ ያስፈልጋል። ፋይሉ ታምቆ ቢላክ ጊዜው ያጥራል፤ ነገር ግን ስልኩ ከደረሰው በኋላ ፈትቶ ሚሊዮኖችን ረድፎች መደመር አይቀርለትም። ገጹን የከፈቱት ሺህ ሰዎች ቢሆኑ፣ ያው አንድ ስሌት በሺህ ስልኮች ላይ ሺህ ጊዜ ይደገማል።

ይህ ሁሉ ድካም በአብዛኛው ከንቱ ነው። ሰሌዳውን የሚከፍተው ሰው የሚያየው በቀን አንድ ነጥብ ያለው መስመር ነውና። የአሥር ዓመቱን የሩብ ሰዓት ልኬቶች ሁሉ አንድ በአንድ የሚመለከት ተገልጋይ የለም ማለት ይቻላል።

በእድሳት ጊዜ አስቀድሞ ማጠቃለል

መፍትሔው ስሌቱን ከተመልካቹ ስልክ ላይ አንስቶ፣ መረጃው ከጣቢያዎቹ ተሰብስቦ በሚታደስበት ጊዜ በሰርቨሩ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ መሥራት ነው። ሰርቨሩ አዲሶቹን ልኬቶች ከተቀበለ በኋላ የእያንዳንዱን ጣቢያ የአንድ ቀን 96 ልኬቶች ወደ አንድ ረድፍ ያጠቃልላል። በፖስትግሬስ የመረጃ ቋት ሥራው በሚከተለው ትእዛዝ ይከናወናል።

```sql
SELECT station_id,
       (read_at AT TIME ZONE 'Africa/Addis_Ababa')::date AS day,
       MIN(level_cm) AS min_cm,
       MAX(level_cm) AS max_cm,
       SUM(level_cm) AS sum_cm,
       COUNT(level_cm) AS n
FROM readings
GROUP BY 1, 2;
```

ከዚህ የሚገኘው ረድፍ ጣቢያውን፣ ቀኑን፣ የዕለቱን ዝቅተኛና ከፍተኛ ልኬት፣ የልኬቶቹን ድምርና ብዛት ይይዛል። በዚህ መሠረት 3.5 ሚሊዮን የነበረው የረድፍ ብዛት ወደ 36,500 ይወርዳል። የወጣው ሰንጠረዥ ዕለታዊ አማካይ አለመያዙ ለአንዳንዶች እንግዳ ሊመስል ይችላል። ምክንያቱ ቀጥሎ ተብራርቷል።

ከአማካይ ይልቅ ድምርና ብዛት የሚቀመጡት ለምንድን ነው?

አማካዮችን መልሶ ማማከል ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ውጤት ይሰጣል። ለዚህ የኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ግልጽ ምሳሌ ነው። ዓመቱ 30 ቀናት ያሏቸው አሥራ ሁለት ወራትና አምስት ወይም ስድስት ቀናት ያሏት ጳጉሜን አሉት። በአሥራ ሁለቱ ወራት የሐይቁ ከፍታ ከመለኪያው መነሻ በአማካይ 200 ሴንቲ ሜትር፣ የክረምቱ ውሃ ሐይቁን በሞላበት በጳጉሜን ደግሞ 320 ሴንቲ ሜትር ነበር እንበል።

አንድ ባለሙያ አሥራ ሦስቱን ወርኃዊ አማካዮች ደምሮ ለአሥራ ሦስት ቢያካፍል 209.2 ሴንቲ ሜትር ያገኛል። በዚህ ስሌት አምስት ቀን ብቻ ያላት ጳጉሜን እንደ ጥቅምት ወይም እንደ ኅዳር ሙሉ ወር ተቆጥራለች። የ365ቱም ቀናት ልኬት ተደምሮ ለቀናቱ ብዛት ሲካፈል ግን ትክክለኛው አማካይ 201.6 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ይገኛል። ልዩነቱ ከስምንት ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ይሁን እንጂ የጣና ስፋት ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሚጠጋ፣ ይህ ልዩነት በሐይቁ ገጽ ላይ ሲሰላ ከ220 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚበልጥ ውሃ ነው። በጨረጨራ በኩል ወደ አባይ ወንዝ የሚለቀቀውንና በዋሻ ወደ ጣና በለስ ኃይል ማመንጫ የሚገባውን ውሃ የሚያመዛዝን ሰው በወረቀት ላይ ብቻ የሚገኝ ውሃ እንዳለ አድርጎ ሊቆጥር ይችላል።

ድምርና ብዛት በየቀኑ ተለያይተው ከተቀመጡ ግን ሳምንቱን፣ ወሩን ወይም ዓመቱን በማንኛውም ጊዜ በትክክል ማስላት ይቻላል፤ ድምሮቹን በአንድ ወገን፣ ብዛቶቹን በሌላ ወገን ደምሮ ማካፈል ብቻ ይበቃል። ሰንጠረዡ በቀን እንጂ በወር ያልተጠቃለለውም ለዚሁ ነው። በአውሮፓውያን ወር ተጠቃሎ የተቀመጠ መረጃ ተመልሶ ወደ መስከረም ወይም ወደ ጥቅምት ሊለወጥ አይችልም፤ በቀን የተቀመጠው ግን በሁለቱም አቆጣጠሮች ሊደመር ይችላል።

ከፍተኛው ልኬት እንዳይጠፋ

በማጠቃለል ሥራ ላይ ከሁሉ የከፋው ስህተት የጎርፉን ምልክት አብሮ መደምሰስ ነው። የሐይቁ ከፍታ በአንድ ቀን ውስጥ ብዙም አይለዋወጥም። ወንዞቹ ግን በደጋው በዘነበ ዝናብ ሌሊት ሞልተው ጠዋት ሊጎድሉ ይችላሉ። በአንድ የወንዝ ጣቢያ ከዕለቱ 96 ልኬቶች 88ቱ 150 ሴንቲ ሜትር፣ ለሁለት ሰዓት የተመዘገቡት ስምንቱ ደግሞ 430 ሴንቲ ሜትር ነበሩ እንበል። የዕለቱ አማካይ 173 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አማካይ ብቻ የሚያሳይ ሰሌዳ የተመለከተ ሰው ወንዙ በጥቂቱ ከፍ እንዳለ ብቻ ይረዳል፤ ውሃው ግን በሁለት ሰዓት ውስጥ ማሳውንና የእንስሳቱን በረት አጥለቅልቆ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የወንዝ ከፍታን በሚያሳይ ሰሌዳ ላይ የዕለቱ ከፍተኛ ልኬት ራሱን ችሎ መቀመጥና ከአማካዩ ጎን መታየት አለበት። የአንድ ሳምንት ከፍተኛ ልኬት የሰባቱ ቀናት ከፍተኛ ልኬቶች ትልቁ ስለሆነ፣ ይህ ቁጥር ምንም ያህል ጊዜ ቢጠቃለል አይዛባም።

የቀኑ ድንበር የት ላይ ነው?

ብዙ መለኪያዎች ሰዓት የሚመዘግቡት ከኢትዮጵያ ሰዓት በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ በሚቀረው ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። ከላይ በቀረበው ረድፍ 03:15 ተብሎ የተጻፈው ልኬት በባሕር ዳር ነሐሴ 8 ቀን 2016 ዓ.ም. ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ15 ላይ የተወሰደ ነው። ማጠቃለያው ይህን ልዩነት ሳያስተካክል ከተሠራ፣ ለነሐሴ 12 አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የመጣው ጎርፍ በሰሌዳው ላይ ነሐሴ 11 ሆኖ ይመዘገባል። ጉዳት የደረሰበት ነዋሪ ለወረዳው ማመልከቻ ሲያቀርብ የእርሱ ቀንና የሰሌዳው ቀን አይገናኙም።

በትእዛዙ ውስጥ `'Africa/Addis_Ababa'` የሚለው የገባው ይህን ለማስተካከል ነው። በእርሱ መሠረት ቀኑ የሚለወጠው በኢትዮጵያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ይሆናል። የሩብ ሰዓቱ ልኬት አንድ ጊዜ በተሳሳተ ቀን ከተጠቃለለ በኋላ ከማጠቃለያው ብቻ ተነስቶ ማረም ስለማይቻል፣ ይህ ውሳኔ መወሰድ ያለበት ከመጀመሪያው ነው።

የሚታተመውን ፋይል ማሳነስ

ረድፎቹ ከቀነሱ በኋላ ቀጣዩ ሥራ በእያንዳንዱ ረድፍ ውስጥ ያለውን ትርፍ ነገር ማስወገድ ነው። የጣቢያው ሙሉ ስም በየረድፉ ከሚደገም በሌላ አነስተኛ ሰንጠረዥ አንድ ጊዜ ተጽፎ በቁጥር ይተካል። መለኪያው በሴንቲ ሜትር ደረጃ ብቻ የሚታመን ከሆነ 1786.4213 ብሎ አራት አሃዝ ከነጥብ በኋላ መጻፍ ፋይሉን ያሳብጣል እንጂ እውነትን አይጨምርም፤ ከመለኪያው መነሻ በሴንቲ ሜትር የተቆጠረ ሙሉ ቁጥር ይበቃል። ለሁሉም አንድ የሆነው የመለኪያ አሃድም ዓምድ አያስፈልገውም። እነዚህ ተስተካክለው ረድፉ እንዲህ ይሆናል።

```
2024-08-14,1,214,219,20784,96
```

ይህ 30 ባይት ያህል ነው። የ36,500ዎቹ ረድፎች ጠቅላላ መጠን ወደ 1.1 ሜጋባይት ይወርዳል። ቀደም ሲል ከ15 ደቂቃ በላይ በሚጠይቀው ኔትወርክ አሁን የሚያስፈልገው ከአራት እስከ አምስት ሴኮንድ ነው። ሰርቨሩ ፋይሉን አምቆ እንዲልክ ሲደረግ ጊዜው ከዚህም ያጥራል።

ከዚያ በኋላ ፋይሉን በጊዜ መክፈል ይቻላል። አብዛኛው ተገልጋይ መጀመሪያ የሚፈልገው የቅርቡን ጊዜ ነው። የመጨረሻዎቹ 90 ቀናት የአሥሩ ጣቢያዎች ረድፎች 900 ብቻ ስለሆኑ 27 ኪሎባይት ያህል ይይዛሉ፤ ይህም ገጹ እንደተከፈተ ወዲያው ይደርሳል። የቀደሙት ዓመታት ፋይል የሚጠራው ተመልካቹ ወደ ኋላ ለማየት ሲጠይቅ ነው።

ሰሌዳቸውን በፓወር ቢአይ ለሚያዘጋጁ መሥሪያ ቤቶችም መርሁ ያው ነው፤ ማጠቃለሉ የሚከናወነው በእድሳቱ ጊዜ በፓወር ክዌሪ `Group By` በሚለው ትእዛዝ ነው። ይህ ፕሮግራም መረጃን በዓምድ በዓምድ ስለሚያምቅ፣ የፋይሉን መጠን በእጅጉ የሚወስነው በአንድ ዓምድ ውስጥ ያሉት የተለያዩ እሴቶች ብዛት ነው። የአሥር ዓመት የሩብ ሰዓት የጊዜ ማኅተም 350,400 የተለያዩ እሴቶች አሉት፤ የቀን ዓምድ ግን 3,650 ያህል ብቻ። የጊዜ ማኅተሙን ዓምድ ማስወገድ ብቻውን ፋይሉን የሚያሳንሰው ለዚህ ነው። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ የቀን ዓምድ በራሱ የሚፈጥራቸው ስውር ሰንጠረዦችም ስላሉ፣ በማስተካከያው ውስጥ `Auto date/time` የሚለውን ማጥፋት ተጨማሪ ቅነሳ ያስገኛል።

ዘግይቶ የሚደርስ ልኬትና የማይታይ ጉድለት

በየእድሳቱ አሥር ዓመቱን ሙሉ እንደገና ማጠቃለል አስፈላጊ አይደለም። በተለምዶ የሚታደሱት የቅርብ ቀናት ብቻ ናቸው። ለምሳሌ የመጨረሻዎቹ 15 ቀናት ማጠቃለያ ተሰርዞ እንደገና ይጻፋል፤ የቀደመው ባለበት ይቆያል። ይህ መስኮት የሚያስፈልገው ኔትወርክ የተቋረጠበት ጣቢያ ያጠራቀማቸውን ልኬቶች ከቀናት በኋላ ሊልክ ስለሚችል ነው። ነገር ግን አንድ ጣቢያ ለ20 ቀን ተቋርጦ ከዚያ በኋላ የተጠራቀመውን ቢልክ፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ልኬት ወደ መረጃ ቋቱ ቢገባም ወደ ማጠቃለያው አይገባም። በሰሌዳው ላይ የስህተት መልእክት ሳይታይ ቁጥሩ ጎድሎ ይቀራል።

ይህን የሚያጋልጠው የልኬቶች ብዛት ዓምድ ነው። በሙሉ ቀን 96 መሆን ያለበት ቁጥር 40 ከሆነ፣ የዕለቱ ከፍተኛ ልኬት ከተመዘገቡት መካከል ከፍተኛው እንጂ የዕለቱ እውነተኛ ከፍታ ነው ተብሎ ሊወሰድ አይገባም። ባለሙያዎች ከየእድሳቱ በኋላ ሊያመሳክሯቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮች አሉ፦ የማጠቃለያው ብዛት ድምር በመረጃ ቋቱ ካሉት ልኬቶች ቁጥር ጋር እኩል መሆኑና የማጠቃለያው ትልቁ ከፍተኛ ልኬት ከመረጃ ቋቱ ትልቁ ልኬት ጋር አንድ መሆኑ። ሁለቱ ካልተመሳከሩ አዲሱ ፋይል ሳይታተም የቀደመው በቦታው እንዲቆይ ይደረጋል።

በኢትዮጵያ ይህ አሠራር በውሃ መረጃ ብቻ የተወሰነ አይደለም። ጤና ሚኒስቴር ከጤና ተቋማት ሪፖርት በሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ2 በተሰኘው ሥርዓት ውስጥም ሰሌዳዎቹ የሚያነቡት ተቋማቱ የሚያስገቡትን መረጃ በቀጥታ ሳይሆን፣ በጊዜ ሰሌዳ ከሚዘጋጁ የትንተና ሰንጠረዦች ነው። ስለዚህ አንድ ጤና ጣቢያ ዛሬ ያስገባው ቁጥር ሰንጠረዦቹ እስኪታደሱ ድረስ በሰሌዳው ላይ ላይታይ ይችላል። መረጃው አልጠፋም፤ ገና አልተጠቃለለም።

የዘዴው ወሰን

በቀን የተጠቃለለ መረጃ ሁሉንም ጥያቄ አይመልስም። ጎርፉ በስንት ሰዓት እንደጀመረና ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየ ከእርሱ ማወቅ አይቻልም። ልኬቶቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መካከለኛ ላይ የሚውለውን የወር ልኬትም ከዕለታዊ ድምሮች ማውጣት አይቻልም፤ ለዚህ ጥሬ ልኬቶቹ ያስፈልጋሉ። ስለሆነም ማጠቃለል ማለት ጥሬውን መረጃ መሰረዝ ማለት አይደለም። የሩብ ሰዓቱ ልኬቶች በመረጃ ቋት ውስጥ ተጠብቀው ይቆያሉ፤ ወደ ተመልካቹ ስልክ የማይላኩ ብቻ ናቸው። በክረምት ወራት ደግሞ የመጨረሻዎቹን ሦስት ቀናት የሩብ ሰዓት ልኬት በተለየ አነስተኛ ፋይል ማቅረብ ይቻላል፤ ለአሥር ጣቢያዎች 2,880 ረድፍ ብቻ ነውና።

ተገልጋዮች ሰሌዳውን ሲመለከቱ ሊያስተውሏቸው የሚገቡ ነጥቦች

በመጀመሪያ ሰሌዳው የታደሰበትን ጊዜና የመጨረሻው ልኬት የተወሰደበትን ጊዜ ለይቶ መመልከት ያስፈልጋል። እድሳቱ ዛሬ ጠዋት ተከናውኖ ሳለ፣ የተፈለገው ጣቢያ ግን ከሦስት ቀን ወዲህ ምንም አልላከ ይሆናል። በዚህ ጊዜ የሚታየው ቁጥር የሦስት ቀን ቁጥር እንጂ የዛሬ አይደለም።

በሁለተኛ ደረጃ የሚታየው ቁጥር የዕለቱ አማካይ ወይም የዕለቱ ከፍተኛ ልኬት መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል። ስለ ጎርፍ የሚጨነቅ ነዋሪ የሚያስፈልገው ከፍተኛው ልኬት ነው። በሦስተኛ ደረጃ የልኬቶቹ ብዛት በሰሌዳው ላይ ከተገለጸ፣ ከሙሉው ያነሰበትን ቀን በጥርጣሬ መመልከት ተገቢ ነው።

ለካሣ ጥያቄ፣ ለጥናት ወይም ለግንባታ ሥራ የሰዓት ዝርዝር የሚያስፈልገው ተገልጋይ በሰሌዳው ማጠቃለያ ላይ ብቻ መመሥረት የለበትም። መለኪያ ጣቢያዎቹን ለሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ማመልከቻ ሲያቀርብ የጣቢያውን ስም፣ የሚፈልገውን ጊዜ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሆነና የሚፈልገው ጥሬውን ልኬት መሆኑን በግልጽ ቢጽፍ፣ በማጠቃለያ ውስጥ የማይገኘውን ዝርዝር ከመረጃ ቋቱ ማውጣት ይቻላል።